ሙሉ ጭነት ወይስ ከፊል እድሳት? ትልቅ የሽያጭ ዳሽቦርድ ሲከብድ የሚወሰንበት መንገድ

በሰኔ መጨረሻ፣ የሂሳብ መዝጊያው ግርግር በደራበት ሰሞን፣ የምሠራበት አከፋፋይ ድርጅት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሁለት ወረቀት ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። አንዱ ከሂሳብ መዝገብ የወጣ የጥር ወር ሽያጭ ነው፤ ሌላው ከእኔ ዳሽቦርድ የታተመ የዚያው ወር ሽያጭ። በመካከላቸው የ1.3 ሚሊዮን ብር ልዩነት ነበር። «የኔ ልጅ፣ ከሁለቱ የትኛውን ነው የምፈርመው?» አለችኝ።

የእድሳት ታሪኩን ከፈትኩ። በየቀኑ Completed ይላል። አንድም ቀይ ምልክት የለም። ስህተቱን የሠራሁት አምስት ወር ቀደም ብዬ ነው፦ ዳሽቦርዱ ስለከበደብኝ ከሙሉ ጭነት ወደ ከፊል እድሳት ቀየርኩት፤ የማድሰውንም ጊዜ ሳልለካ በግምት አሥር ቀን አልኩት። ከአሥር ቀን በኋላ የተሰረዘ ደረሰኝ ሁሉ ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ሕያው ሽያጭ ተቀመጠ።

ይህ መመሪያ ያንን ውሳኔ ዛሬ ብወስነው በምን ቅደም ተከተል እንደምሄድ ያሳያል። መሣሪያው ፓወር ቢአይ ነው፤ መረጃው የሚመጣው ቢሮ ውስጥ ካለ የኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ በጌትዌይ በኩል ነው፤ ፈቃዱም ተራው ፕሮ ነው። ቢሮ ውስጥ «ፉል ሪሎድ» እና «ኢንክሪመንታል» የምንላቸውን እዚህ ሙሉ ጭነት እና ከፊል እድሳት እላቸዋለሁ። ሙሉ ጭነት ሰንጠረዡን በየጊዜው ባዶ አድርጎ ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው እንደገና ያመጣል። ከፊል እድሳት ሰንጠረዡን በቀን ተከፋፍሎ ያስቀምጥና የቅርቦቹን ክፋዮች ብቻ ጥሎ እንደገና ይጭናል፤ የቆዩትን አይነካም። «አይነካም» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ጥቅሙም ጉዳቱም እዚያ ውስጥ ነው።

1. ሙሉ ጭነቱን መጀመሪያ አቅልሉት

ብዙ ሰው ወደ ከፊል እድሳት የሚሮጠው ጭነቱ ስለረዘመ ነው። የእኔ ሰንጠረዥ 46 ሚሊዮን ገደማ የሽያጭ መስመር ነበረው፤ ጭነቱ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በፕሮ ፈቃድ አንድ እድሳት ከ2 ሰዓት ካለፈ ይቋረጣል፤ ሞዴሉም ከ1 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም፤ በቀን ሊቀጠር የሚችለው እድሳት ደግሞ 8 ጊዜ ነው። ስለዚህ ገደል አፋፍ ላይ ነበርኩ፤ ግን ገደሉን ያቀረብኩት ራሴ ነበርኩ።

ሁለት ዓምዶች ነበሩ። አንዱ የደረሰኝ ቁጥር በጽሑፍ መልክ፤ ሌላው ሽያጩ የተመዘገበበት ጊዜ እስከ ሰከንዱ። ፓወር ቢአይ መረጃን የሚጨምቀው የሚደጋገሙ ዋጋዎችን አንዴ ብቻ በማስቀመጥ ነው። «ሐዋሳ» የሚለው ቃል አምስት ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም ቦታ አይበላም ማለት ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ረድፍ የሚለያይ የደረሰኝ ቁጥር ግን ጨርሶ አይጨመቅም። በዳሽቦርዱ ላይ የደረሰኝ ቁጥር የሚያይ ሰው አልነበረም። ሰዓቱንም የሚያየው የለም፤ ቀኑ ብቻ ይበቃል። ሁለቱን ከመጠይቁ ሳወጣ ጭነቱ ወደ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወረደ።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። ከዚህ በኋላ ጭነቱ በሌሊት ተረጋግቶ ካለቀ፣ ሥራ አስኪያጆችም ጠዋት የትናንቱን ማየት ከበቃቸው፣ እዚሁ ቁሙና በሙሉ ጭነት ቀጥሉ። በየሌሊቱ ሁሉንም እንደ አዲስ የሚጭን ዳሽቦርድ ትናንት ቢሳሳት ነገ ራሱን ያርማል። ከፊል እድሳት ይህ ጸጋ የለውም።

የእኛ ሁኔታ እዚያ አልቆመም። የሽያጭ ኃላፊዎቹ ከምሳ በፊትም እንዲታደስ ጠየቁ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሙሉ ጭነት ስሞክር ደግሞ የቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባዮች ደረሰኝ ለመቁረጥ መጠበቅ ጀመሩ፤ እነሱ የሚጽፉበትን ሰንጠረዥ እኔ ከላይ እስከ ታች እያነበብኩት ነበርና። ከፊል እድሳትን እንደገና እንዳስብ ያደረገኝ ይህ ነው። ይህ ምክንያት «ረዘመብኝ» ከማለት የተሻለ ነው።

2. የቆዩ ረድፎች እስከ ስንት ቀን ድረስ እንደሚለወጡ ለኩ

ውሳኔው በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የዘለልኩት ይህንኑ ነው።

የሽያጭ ረድፍ አንዴ ተጽፎ እንደ ድንጋይ ላይ ጽሑፍ የሚቀመጥ ይመስለናል። ከቅርንጫፍ ጋር የሠራ ሰው ግን ያውቀዋል። ኔትወርክ የጠፋበት ቅርንጫፍ የሳምንቱን ሽያጭ በአንድ ቀን ይልካል፤ የደረሰኙ ቀን ግን የድሮው ነው። ደንበኛ ዕቃ ሲመልስ አንዳንዱ ሠራተኛ አዲስ የተመላሽ ሰነድ ይቆርጣል፤ አንዳንዱ የድሮውን ደረሰኝ ከፍቶ ይሰርዛል። የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ የሂሳብ ክፍል ስድስት ወር ወደኋላ ሄዶ ዋጋ ያስተካክላል።

ይህንን መገመት አያስፈልግም። ሰንጠረዡ የመጨረሻ ለውጥ የተደረገበትን ጊዜ የሚይዝ ዓምድ ካለው፣ በደረሰኙ ቀንና በለውጡ ቀን መካከል ያለውን ርቀት ቁጠሩ፦

```sql
SELECT d.Late, COUNT(*) AS Cnt, SUM(ABS(s.Amount)) AS Amt
FROM dbo.SalesLine AS s
CROSS APPLY (SELECT DATEDIFF(day, s.InvoiceDate, s.ModifiedAt) AS n) AS x
CROSS APPLY (SELECT CASE WHEN x.n <= 3   THEN '0-3'
                         WHEN x.n <= 30  THEN '4-30'
                         WHEN x.n <= 120 THEN '31-120'
                         ELSE '120+' END AS Late) AS d
WHERE s.ModifiedAt >= '2024-07-08'
GROUP BY d.Late;
```

መነሻው ቀን ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጀት ዓመትና አንድ መዝጊያ ውስጡ እንዲኖር ነው። የሦስት ወር መረጃ ብቻ ብትለኩ የሰኔውን ማስተካከያ አታዩትም፤ ውጤቱም ያታልላችኋል።

ውጤቱን ስታነቡ የረድፎቹን ብዛትና የገንዘቡን መጠን ለየብቻ እዩ። በእኔ ሰንጠረዥ ከመቶው 96 የሚሆነው ረድፍ በሦስት ቀን ውስጥ ይረጋጋል። ከ120 ቀን በላይ ዘግይቶ የሚለወጠው በብዛቱ ከአንድ ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ገንዘቡን ሳይ ግን ያች እፍኝ የማትሞላ ክፍል በአብዛኛው የትልልቅ ደንበኞች ደረሰኝ ሆና ተገኘች፤ ለሱቅ የተሸጠ አንድ ሳጥን በስድስተኛ ወሩ ማንም አያስተካክልም፣ ለጅምላ ነጋዴ የተሸጠ የጭነት መኪና ሙሉ ግን ይስተካከላል። ብዛቱን ብቻ ያየ ሰው «አሥር ቀን ይበቃል» ብሎ በሙሉ ልብ ይሳሳታል።

በዚህ ልኬት ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው፣ የለውጡን ጊዜ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የሽያጭ ፕሮግራሙ ብቻ ከሆነ የሚጽፈው፣ የዳታቤዝ ባለሙያው በእጁ ያረመው ረድፍ ምንም ምልክት አይኖረውም። ሁለተኛው፣ ከነጭራሹ የተደመሰሰ ረድፍ በዚህ ልኬት አይታይም፤ የለምና። ፕሮግራማችሁ ደረሰኝ ሲሰረዝ ረድፉን ያጠፋል ወይስ «የተሰረዘ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል? ይህንን ሳታውቁ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

3. የቀኑ ማጣሪያ ሰርቨሩ ድረስ መውረዱን አረጋግጡ

ከፊል እድሳት የሚጠቅመው ፓወር ቢአይ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለውን ብቻ ስጠኝ» ብሎ ዳታቤዙን መጠየቅ ሲችል ነው። ጥያቄው መንገድ ላይ ከቀረ፣ ሰንጠረዡ በሙሉ ወደ ጌትዌዩ ይጎርፍና ማጣሪያው እዚያ ይደረጋል። ያ ለእያንዳንዱ ክፋይ ይደገማል፤ አራት ክፋይ የምታድሱ ከሆነ ሙሉውን ሰንጠረዥ አራት ጊዜ አነበባችሁት ማለት ነው። ከፊል እድሳት ካበሩ በኋላ «ጭራሽ ባሰበት» የሚሉ ሰዎች ችግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በፓወር ኩዌሪ ውስጥ ለሙከራ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ብቻ የሚያስቀር ማጣሪያ ጨምሩ፤ እርምጃውን በቀኝ ጠቅታ ከፍታችሁ View Native Query የሚለውን እዩ። ከተከፈተና በሚያሳያችሁ ትእዛዝ ውስጥ ከ WHERE በኋላ ሁለቱ ቀኖች ካሉ ጥሩ ነው። ከደበዘዘና ካልተከፈተ ተጠራጠሩ፤ የዳታቤዝ ባለሙያው እድሳቱ ሲካሄድ ሰርቨሩ ላይ የደረሰውን ትእዛዝ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። እርግጠኛው ማስረጃ እሱ ነው። ማጣሪያውን ከምንጩ ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ እርምጃ ላይ አድርጉት፤ ከኤክሴል ፋይል ጋር ካዋሃዳችሁ ወይም የረድፍ ተራ ቁጥር ከጨመራችሁ በኋላ የሚመጣ ማጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም።

አገር ውስጥ በተሠሩ የሽያጭ ፕሮግራሞች የሚያጋጥም ሌላ ዕንቅፋት አለ፦ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጽሑፍ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዳታቤዙ የቀን ዓይነት ጥቅምት 30ን እንደ ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን ስለሚያየው አይቀበለውም፤ ጳጉሜንንም አያውቃትም። እንዲህ ያለ ዓምድ ለከፊል እድሳት አይሆንም። ዳታቤዙ ውስጥ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰላና የተቀመጠ የቀን ዓምድ አሠሩ፤ ፓወር ኩዌሪ ውስጥ በራሳችሁ ቀመር ብትቀይሩት ማጣሪያው አይወርድም።

4. ወስኑ

አሁን በእጃችሁ ሦስት መልስ አለ፤ ጭነቱ ከቀለለ በኋላ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ረድፎቹ እስከ ስንት ቀን ይለወጣሉ፣ ማጣሪያው ይወርዳል ወይስ አይወርድም።

ማጣሪያው ካልወረደ ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ ሙሉ ጭነት ነው። ቢወርድም፣ የለውጡ ርቀት መጨረሻ ከሌለው፣ ማለትም የሁለት ዓመት ደረሰኝ በማንኛውም ማክሰኞ ሊለወጥ የሚችል ከሆነ፣ አሁንም ሙሉ ጭነት ነው፤ ጭነቱ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን ለትልቅ ፈቃድ ማውጣት የተሳሳተ ቁጥር ከማሳየት ይረክሳል። ለውጡ ወሰን ካለውና ሙሉ ጭነቱ በእርግጥ ሥራ የሚያውክ ከሆነ ከፊል እድሳት ተገቢ ነው።

እኛ መካከል ላይ ነበርን። ልኬቱ ከ120 ቀን በኋላ የሚመጣው ለውጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሩብ ዓመትና በዓመት መዝጊያ ላይ እንደሚሰበሰብ አሳየ። ስለዚህ በየቀኑ ያለፉትን አራት ወራት የሚያድስ ከፊል እድሳት፣ በየሩብ ዓመቱ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አንድ ሙሉ ጭነት እንዲሆን ወሰንን። የሂሳብ ኃላፊዋ መዝጊያውን ስትጨርስ ለእኔ መንገር የሥራዋ አካል ሆነ። ቴክኒኩ ብቻውን ይህን አይፈታውም፤ ሰው ለሰው መነጋገር ያስፈልጋል።

5. አበጃጀቱ

በፓወር ኩዌሪ ውስጥ ሁለት ፓራሜትር ፍጠሩ፦ RangeStart እና RangeEnd። ስማቸው ፊደል ሳይቀየር፣ ትልቁና ትንሹ ፊደል ሳይዛባ እንደዚህ መሆን አለበት፤ ዓይነታቸውም Date/Time ነው። ለሙከራ የአንድ ወር ርቀት ስጧቸው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ፋይል ትንሽ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ማጣሪያውን እንዲህ ጻፉ፦

```
= Table.SelectRows(dbo_SalesLine, each
    [InvoiceDate] >= RangeStart and [InvoiceDate] < RangeEnd)
```

የእኩል ምልክቱ በአንድ በኩል ብቻ መሆኑን አስተውሉ። በሁለቱም በኩል ከሆነ፣ የወሩ መጀመሪያ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ የተጻፈ ረድፍ በሁለት ክፋይ ውስጥ ይገባል። ሰዓቱን ቆርጠን ስላወጣነው የእኛ ረድፎች ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ ናቸው፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ክፋይ የመጀመሪያ ቀን ሽያጭ እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጓጓ ወጥመድ አለ። «የዘገየ ለውጥ ከሆነ ችግሩ፣ በ InvoiceDate ፈንታ በ ModifiedAt ብከፋፍለውስ?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፤ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። አታድርጉት። በጥር የተጻፈ ረድፍ በሰኔ ሲለወጥ ወደ ሰኔው ክፋይ ይገባል፤ የጥሩ ክፋይ ግን ስለማይነካ የድሮውን ቅጂ ይዞ ይቀራል። አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይደመራል፤ ያውም ያለ ምንም የስህተት መልእክት። የሚከፋፈልበት ዓምድ ረድፉ ከተጻፈ በኋላ ፈጽሞ የማይለወጥ መሆን አለበት።

ማጣሪያውን ከጨረሳችሁ በኋላ ሰንጠረዡን በቀኝ ጠቅታ ከፍታችሁ Incremental refresh የሚለውን ምረጡ። ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል፦ ምን ያህል ዘመን ይቀመጥ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ይታደስ።

ለሚታደሰው ክፍል በቀን ፈንታ በወር ቁጠሩ። 120 ቀን ብትሉ በየእድሳቱ 120 የቀን ክፋዮች አንድ በአንድ ይጠየቃሉ፤ አራት ወር ብትሉ ጥቂት የወር ክፋዮች ይሆናሉ፤ በጌትዌይ በኩል ይህ በእጅጉ ይቀላል።

ለሚቀመጠው ዘመን ግን የእኛን አገር ዳሽቦርዶች የሚያጠምድ ነገር አለ። ፓወር ቢአይ «ዓመት» ሲል የጎርጎርዮሳዊውን ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ማለቱ ነው፤ የእኛ በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በምሳሌ እንየው። ዳሽቦርዱ የ2015፣ የ2016 እና የ2017 በጀት ዓመቶችን ያነጻጽራል እንበል፤ እናንተም «2 ዓመት ይቀመጥ» ብላችኋል። ይህ ማለት ያለፉት ሁለት ሙሉ ዓመቶችና የያዝነው ዓመት ነው። በዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 2017፣ ሞዴሉ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ያለውን ይዟል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሦስቱም በጀት ዓመቶች የጎደለ የለም። በማግስቱ እድሳት የ2022 ክፋይ ይጣላል። የ2015 በጀት ዓመት የተጀመረው ጁላይ 8 ቀን 2022 ስለሆነ የመጀመሪያው ግማሽ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ዳሽቦርዱም ሽያጩ ከ2015 ወደ 2016 በእጥፍ ገደማ አደገ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደስ ሊለው ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከሚያስፈልጋችሁ ላይ አንድ ዓመት ጨምራችሁ አስቀምጡ።

ከታች Detect data changes የሚል አማራጭ ታያላችሁ። የለውጡን ጊዜ ዓምድ ብትሰጡት ምንም ያልተለወጠባቸውን ክፋዮች ይዘላል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚመለከተው በሚታደሰው አራት ወር ውስጥ ያሉትን ክፋዮች ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የዘገየ ለውጥ ፈልጎ አያመጣላችሁም። ረድፍ የሚደመስስ ፕሮግራም ካላችሁ ደግሞ ተዉት፤ የተደመሰሰ ረድፍ የለውጥ ጊዜ ስለማይጽፍ ክፋዩ እንዳልተለወጠ ሊቆጠር ይችላል።

ፋይሉን ወደ ፓወር ቢአይ የኦንላይን አገልግሎት ከጫናችሁ በኋላ በእድሳት ቀጠሮው ላይ የሰዓት ቀጠናውን አስተካክሉ። ካልተስተካከለ «ዛሬ» የሚሰላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እሱ ከእኛ በ3 ሰዓት ስለሚዘገይ አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በወር መጀመሪያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚሠራ እድሳት ገና ያለፈው ወር ላይ ነኝ ብሎ ያስባል። በዝርዝሩ ውስጥ (UTC+03:00) Nairobi የሚለው ለእኛ ይሆናል።

6. የመጀመሪያው ጭነት እና ከዚያ በኋላ የማይነካው ነገር

ፋይሉ ሲጫን አገልግሎቱ ላይ የሚኖረው ኮምፒውተራችሁ ላይ የነበረው የአንድ ወር መረጃ ብቻ ነው። ታሪኩ በሙሉ የሚመጣው በመጀመሪያው እድሳት ነው፤ ክፋዮቹም የሚፈጠሩት ያኔ ነው። ያ እድሳት ሙሉ ጭነት ስለሆነ የ2 ሰዓቱ ገደብ ይመለከተዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ዓምዶቹን ያልቆረጠ ሰው እዚህ ይያዛል። እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ ዳሽቦርዱን የከፈተ ሰው ሁሉ የአንድ ወር ሽያጭ ብቻ ያያል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አድርጉት።

ከዚያ በኋላ ፋይሉን ከኮምፒውተራችሁ እንደገና በጫናችሁ ቁጥር ክፋዮቹ ሁሉ ይፈርሱና ሙሉ ጭነት ግዴታ ይሆናል። የአንድ ሰንጠረዥ ዓምድ ስም ለማስተካከል ሰኞ ጠዋት እንደገና የጫነ ሰው ሙሉ ቀን ይቅርታ ሲለምን ይውላል። የገጾቹን መልክ የሚያሳየውን ሪፖርት ከሞዴሉ ለዩ፤ ሞዴሉ አንድ ፋይል፣ ከእሱ ጋር የሚገናኘው ሪፖርት ሌላ ፋይል። ቀለም መቀየር ሞዴሉን አይነካም። ዋናውን የሞዴል ፋይል በጥንቃቄ አስቀምጡ፤ ከፊል እድሳት ያለበትን ሞዴል መልሶ ከአገልግሎቱ ለማውረድ አትተማመኑ።

በነገራችን ላይ ይህ ባሕርይ ለእኛ ጠቀመን። በፕሮ ፈቃድ የሩብ ዓመቱን ሙሉ ጭነት የምናደርገው ልክ በዚሁ መንገድ ነው፤ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ባለው ቅዳሜ ማታ ፋይሉን እንደገና እንጭንና እናድሳለን። የፕሪሚየም ፈቃድ ያለው ሰው ፋይሉን ሳይነካ ክፋዮቹን በትእዛዝ እንደገና መጫን ይችላል።

7. ዳሽቦርዱ ሲሳሳት ራሱ እንዲናገር አድርጉ

Completed የሚለው ቃል ጭነቱ አለቀ ይላል እንጂ ቁጥሩ ትክክል ነው አይልም። ስለዚህ ከሽያጭ ሰንጠረዡ ጎን SalesCheck የምትባል አንዲት ትንሽ የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ አስቀምጡ። በየሌሊቱ ዳታቤዙ ራሱ የየወሩን ድምር አስልቶ ያስቀምጣል፦

```sql
SELECT DATEFROMPARTS(YEAR(InvoiceDate), MONTH(InvoiceDate), 1) AS MonthStart,
       COUNT_BIG(*) AS SrcRows, SUM(Amount) AS SrcAmount
FROM dbo.SalesLine
GROUP BY DATEFROMPARTS(YEAR(InvoiceDate), MONTH(InvoiceDate), 1);
```

ውጤቱ ጥቂት ደርዘን ረድፍ ነው። ይህቺን ሰንጠረዥ ከፊል እድሳት ውስጥ አታስገቧት፤ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ትጫን። እንግዲህ በአንድ ሞዴል ውስጥ ሁለት ምስክሮች አሉ፤ አንዱ ያለፈውን የማይነካ፣ ሌላው ያለፈውን በየሌሊቱ እንደ አዲስ የሚቆጥር። ሁለቱንም ከቀን ሰንጠረዡ ጋር አገናኙና ልዩነታቸውን በወር አውጡ፦

```
Gap = SUM ( SalesLine[Amount] ) - SUM ( SalesCheck[SrcAmount] )
```

የያዝነው ወር ልዩነት አያስጨንቃችሁ፤ ማመሳከሪያው የሌሊቱ ነው፣ ሽያጩ ደግሞ የቀኑ። የምታዩት ያለፉትን ወሮች ነው። ካለፉት አራት ወራት በአንዱ ልዩነት ከታየ ችግሩ ከአበጃጀቱ ነው፤ የእኩል ምልክቱን፣ የሚከፋፈልበትን ዓምድና Detect data changes የሚለውን በዚሁ ቅደም ተከተል መርምሩ። ልዩነቱ ፖዘቲቭ ሆኖ የወሩን የመጀመሪያ ቀን ሽያጭ የሚያህል ከሆነ ያለጥርጥር የእኩል ምልክቱ ነው። ከአራት ወር በላይ ባለው ወር ከታየ ግን አንድ ሰው የቆየ ደረሰኝ ነክቷል ማለት ነው። የረድፎቹን ብዛትም አብራችሁ እዩ፤ ብዛቱ እኩል ሆኖ ገንዘቡ ከተለያየ ዋጋ ተስተካክሏል፤ ብዛቱም ከተለያየ ረድፍ ተደምስሷል ወይም ዘግይቶ ገብቷል።

እኛ ልዩነቱ ከአንድ ወር ሽያጭ አንድ ሺህኛ በላይ ሲሆን የሚቀላ አንድ ካርድ በመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ አድርገናል። መጀመሪያ የቀላው በኅዳር ነበር፤ ያሳየውም የግንቦት ወር ልዩነትን ነው። ለሂሳብ ኃላፊዋ ደወልኩላት። የአንድ ጅምላ ነጋዴ ደረሰኝ በዚያው ሳምንት መሰረዙን ከመዝገቡ አግኝታ ነገረችኝ፤ ቅዳሜ ማታ ሙሉ ጭነቱን አደረግሁት።